ግማሽ ፊት ብርቱካናማ፣ ግማሽ ፊት ሰማያዊ

ፋሲካ ነው እንበል። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ አምስት ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ ቡና ዙሪያ ተቀምጧል፤ በግራ በኩል መስኮት አለ፣ ከላይ ቢጫ አምፖል በርቷል። በስልክ የተነሳው ፎቶ ሲታይ መስኮቱ አጠገብ ያሉት አያት ፊታቸው ገርጥቶ ወደ ሰማያዊ አድልቷል። ከአምፖሉ ሥር ያሉት ሦስቱ ብርቱካናማ ሆነዋል። መሃል ላይ የተቀመጠችው እናት ደግሞ አንድ ጉንጯ ወደ አያት፣ ሌላው ወደ ልጆቹ ሄዷል። ያነሳው ሰው ግን በዓይኑ ይህን ሁሉ አላየም።

ያላየበት ምክንያት አለ። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል። ሻማ ወደ 1900፣ የድሮው ክር አምፖል ወደ 2700፣ የቀን ፀሐይ ወደ 5500 ኬልቪን ይጠጋል፤ ጥላ ካለበት ሰማይ በመስኮት የሚገባው ብርሃን ከ7000 ሊያልፍ ይችላል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብርሃኑ ወደ ቢጫና ብርቱካን፣ ባደገ መጠን ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። አእምሯችን ይህን ልዩነት እያቻቻለ ነጩን ነጭ፣ ጠይሙን ጠይም አድርጎ ያሳየናል። ካሜራው ግን በመሠረቱ ለመላው ፎቶ አንድ የቀለም ሚዛን ነው የሚመርጠው። ሁለት ዓይነት ብርሃን ሲገጥመው ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ያለውን ይይዛል፤ ስለዚህ አንዱም ወገን ትክክል አይወጣም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት የቀለም ሙቀቱን ማስተካከያ ይዞ ወዲያና ወዲህ መጎተት ነው። ወደ ሰማያዊ ሲገፋው ልጆቹ ይስተካከላሉ፣ አያት ይባስ ይገረጣሉ። ወደ ቢጫ ሲመልሰው አያት ደህና ይሆናሉ፣ ልጆቹ ይባስ ይጠቁራሉ፣ ይቀላሉ። በአንድ ቁጥር ሁለት ብርሃን አይታረምም። መፍትሔው እርማቱን ሁለት ጊዜ መሥራት ነው፤ መጀመሪያ ለመላው ፎቶ፣ ቀጥሎ ለተወሰነ ቦታ ብቻ።

ይህን በነፃ በሚገኘው Snapseed እንየው። የቁልፎቹ ቦታ እንደ መተግበሪያው እትም ሊለያይ ይችላል፤ የአሠራሩ ሐሳብ ግን አንድ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ብዙ ፊት ካለበት ብርሃን ነው፤ በእኛ ፎቶ ሦስቱ ከአምፖሉ ሥር ናቸው። White Balance ውስጥ ይገባና በጠብታ ምልክቱ ነጭ ወይም ግራጫ መሆን ያለበት ነገር ይመረጣል። የበዓል ነጠላ ለዚህ የሚመች ይመስላል፣ ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል። በልብስ ሳሙና ውስጥ ያለው ማንጫ የመስኮቱን ብርሃን ሲያገኝ ሰማያዊ ስለሚያንጸባርቅ፣ ፊቱ ያላገኘውን ቀለም ነጠላው ያሳያል። ከሁሉ የሚሻለው ረከቦቱ ላይ ያለው ነጭ የሸክላ ስኒ ነው፤ ይህም ስኒው ልክ እንደ ልጆቹ ፊት የአምፖሉን ብርሃን ብቻ እያገኘ ከሆነ ነው። ስኒ ከሌለ Temperature ወደ ግራ በጥቂቱ እየተገፋ፣ የልጆቹ ፊት የራሳቸው ፊት እስኪመስል ይጠበቃል።

አሁን ልጆቹ ደህና ናቸው፤ አያት ግን ከቀድሞው በላይ ሰማያዊ ሆነዋል። ይህ የሚጠበቅ ነው። White Balance ለሁለተኛ ጊዜ ይከፈትና፣ የቀሩትን ሳያዩ አያትን ብቻ እያዩ Temperature ወደ ቀኝ ይገፋል። ሌሎቹ እንደገና ብርቱካን ቢሆኑም አይታሰብም። ከዚያ View edits ውስጥ የመጨረሻው እርማት ተመርጦ የብሩሽ ምልክቱ ሲነካ፣ ሁለተኛው እርማት ከፎቶው ላይ ይነሳና በጣት በተቀባበት ቦታ ብቻ ይመለሳል። ፎቶው በሁለት ጣት ቀረብ ተደርጎ የአያት ፊት፣ አንገት፣ እጅና ነጠላ በ100 ይቀባል። ፊቱ ብቻ ተቀብቶ እጁ ሰማያዊ ከቀረ፣ የሁለት ሰው አካል የተገጣጠመ ይመስላል።

የሚከብደው የእናት ፊት ነው፤ ሁለቱ ብርሃናት የሚገናኙት እዚያ ላይ ነውና። በመስኮቱ በኩል ያለው ጉንጭ በ75፣ ከአፍንጫው አጠገብ ያለው ክፍል በ50 ወይም በ25 ይቀባል፤ የአምፖሉ ወገን አይነካም። ድንበሩ ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ ወዲያው ይታወቃል፣ በአፍንጫው ላይ ቀለም የተለወጠ ይመስላልና። እየቀነሰ የሚሄድ ከሆነ ግን ዓይን አይይዘውም። በሁለቱ ጉንጮች መካከል ትንሽ ልዩነት መተው ደግሞ ጥሩ ነው። ተመልካቹ መስኮቱንም አምፖሉንም ፎቶው ላይ እያየ ስለሆነ ልዩነት ይጠብቃል፤ ፈጽሞ ሲጠፋ ፊቱ ከሌላ ቦታ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል።

አንዳንዴ ቢጫና ሰማያዊው ተስተካክሎም ፊት ላይ አረንጓዴ ነገር ይቀራል። ምንጩ ረጅሙ የፍሎረሰንት አምፖል፣ ርካሽ ኤልኢዲ፣ ወይም ብርሃኑን ወደ ፊት የሚመልስ አረንጓዴ ግድግዳ ሊሆን ይችላል። ይህን Temperature አያስተካክለውም፤ የሚያስተካክለው Tint ነው፣ ወደ ሮዝ በጣም በጥቂቱ ተገፍቶ።

መቼ ይቆማል? በትክክል የተነሳ የሰው ቆዳ፣ ጠይምም ሆነ ቀይ ዳማ ወይም ጥቁር፣ ከሦስቱ የፎቶ ቀለማት ቀዩ ይበዛበታል፣ አረንጓዴው ይከተላል፣ ሰማያዊው ያንሳል። ስለዚህ የእኛን ፊት ከብርቱካን ሙሉ በሙሉ ማጽዳት ስህተት ነው። እርማቱ ማለፉ የሚታወቀው ከንፈር ወደ ወይን ጠጅ ሲያደላና ጠይም ቆዳ አመድ ሲመስል ነው። ያኔ አንድ እርምጃ ወደ ቢጫው መመለስ ይበቃል።

ሌላው አታላይ ስክሪኑ ራሱ ነው። ማታ ማታ ሰማያዊ ብርሃን የሚቀንሰው የስልኩ ማስተካከያ በርቶ ከተሠራ፣ ስክሪኑ ሁሉን ቢጫ ስለሚያሳይ ሠሪው ፎቶውን ያለ ልክ ወደ ሰማያዊ ይገፋዋል፤ በማግስቱ ሁሉም ሰው ብርድ የመታው ይመስላል። ማስተካከያው መጥፋት አለበት። ዓይንም ለረጅም ጊዜ ያየውን ቀለም ይለምዳልና፣ ጥቂት ደቂቃ ሌላ ነገር አይቶ መመለስ ይጠቅማል።

ከማረም ግን መከላከል ይቀላል። የመስኮቱ ብርሃን ከበቃ አምፖሉን ማጥፋት፣ ካልበቃ መጋረጃውን ዘግቶ በአምፖሉ ብቻ ማንሳት ነው። አንድ ብርሃን ቢጫ ቢሆንም በአንድ ጉተታ ይታረማል። ሳሎን ውስጥ አንዱ አምፖል ላይ 3000K፣ ሌላው ላይ 6500K ከተጻፈ ደግሞ መስኮት ባይኖርም ያው ችግር ይመጣል፤ ሲገዙ ቁጥሩን አንድ ማድረግ ነው። የስልኩ ፍላሽ ደግሞ መፍትሔ ከመሆን ይልቅ ሦስተኛ ብርሃን ይጨምራል።

የማይድን ፎቶም አለ። አምፖሉ በጣም ቀርቦ ግንባርና ጉንጭ ላይ ቀዩ ቀለም እስከ መጨረሻው ሞልቶ ከሆነ፣ የቆዳው ዝርዝር ፎቶው ውስጥ ስለሌለ የትኛውም ማስተካከያ አይመልሰውም፤ ሰማያዊ ሲጨመርበት የሚመጣው ለጥ ያለ ግራጫ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ፎቶ ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ነው የሚሻለው። ቀለሙ ሲወጣ የሁለቱ ብርሃናት ጠብ አብሮ ይወጣል፤ የሚቀረው የብርሃንና የጥላ ልዩነት ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ደህና ነው።