ሰሙ የማይቀልጥ ቅኔ፦ ፍቅር፣ ወይንና ናፍቆት በዐረብኛ የሱፊ ግጥም

የሱፊ ገጣሚዎች ሰው ከአምላኩ ጋር ስለሚኖረው አንድነት ሲናገሩ ዘወትር የፍቅርን፣ የወይን ጠጅንና የናፍቆትን ቋንቋ ይመርጣሉ። ለዚህ ምርጫ የሚሰጠው የተለመደ ማብራሪያ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ምሥጢሩን ከማይገባው ሰው ለመሰወር ነው ይላል፤ ሁለተኛው ረቂቁን በግዙፉ ለማስረዳት ነው ይላል። ሁለቱም ምስሉን እንደ ልብስ ይቆጥሩታል፤ ልብሱ ሲወልቅ ትርጉሙ ብቻውን እንደሚቀር ያህል። የዐረብኛው ግጥም በሰዋስዉ በኩል ሲመረመር ግን ሦስቱ ምስሎች እያንዳንዳቸው ለብቻ የሚሠሩት ሥራ እንዳላቸው ይታያል። ፍቅር ሁለት ተነጋጋሪዎችን ያቆማል፤ ወይን ተናጋሪውን ከአድራጊነት ያወርደዋል፤ ናፍቆት ደግሞ ንግግሩ እንዳይቋረጥ ርቀቱን ይጠብቃል።

1. የሐለብ ክርክር

በሙርሲያ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1240 ደማስቆ ያረፈው ሙሕዪዲን ኢብን ዐረቢ «ተርጁማን አል-አሽዋቅ» («የናፍቆቶች ተርጓሚ») የተሰኘ የግጥም መድበል አለው። በመግቢያው ላይ ግጥሞቹን በመካ ካወቃት ኒዛም ከተባለች የኢስፋሃን ተወላጅ ሊቅ ልጅ ጋር ያያይዛቸዋል። በሐለብ የነበረ አንድ የሕግ ሊቅ እነዚህ ግጥሞች ስለ አንዲት ሴት የተጻፉ እንጂ መለኮታዊ ምሥጢር የያዙ አይደሉም አለ። ይህን የሰሙት ሁለት ደቀ መዛሙርት፣ በድር አል-ሐበሺና ኢስማዒል ኢብን ሰውደኪን፣ መምህራቸው ማብራሪያ እንዲጽፍ ጠየቁት። የመጀመሪያው ስም ባለቤቱን ከሐበሻ ምድር ጋር ያገናኘዋል። ማብራሪያው እ.ኤ.አ. በ1215 ገደማ ተጻፈ፤ ኢብን ዐረቢ እንደሚለውም ተቃዋሚው ሰምቶ ከነቀፌታው ተመለሰ።

የሊቁ ጥርጣሬ ያለ ምክንያት አልነበረም። በመድበሉ ውስጥ ከሴት ፍቅር ውጭ ሌላ ነገር መነገሩን የሚያስገድድ የቋንቋ ምልክት ብዙ ጊዜ አይገኝም። የፈረሰ ሰፈር፣ የሄዱ ግመሎች፣ የማይመለስ ወዳጅ፦ እነዚህ ሁሉ «ነሲብ» ከተባለው የጥንቱ ቃሲዳ መክፈቻ የተወረሱ ናቸው። ሱፊው ገጣሚ አዲስ ቋንቋ አልፈጠረም፤ «እኔ» እና የራቀ «አንተ» ወይም «አንቺ» አስቀድመው የተሰለፉበትን መድረክ ተረከበ። ቁርኣንም በአምስተኛው ሱራ ቁጥር 54 ላይ «ወደደ» የሚለውን ግስ አንድ ጊዜ አምላክን፣ አንድ ጊዜ ሰዎችን ባለቤት አድርጎ ስለሚጠቀም፣ የመዋደዱ ሁለት ወገንነት ከመድረኩ ጋር የሚስማማ ነበር።

2. ክፍት የሆነው ተውላጠ ስም

ክርክሩን ያባባሰው የጾታ ምልክት ነው። በፋርስኛ የሦስተኛ መደብ ነጠላ ተውላጠ ስም «ኡ» ጾታ ስለማይለይ፣ የፋርስ ገጣሚ ወዳጁ ወንድ ይሁን ሴት ወይም አምላክ ሳይናገር ማለፍ ይችላል። የዐረብኛው ገጣሚ ግን መምረጥ አለበት። አንስታይ ጾታን ሲመርጥ ለአምላክ የማይገባ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን የመለኮትን ህላዌ የሚያመለክተው «ዛት» የሚለው ቃል ራሱ በሰዋስው አንስታይ ነው። «ኸምር» (ወይን) የሚለውም እንዲሁ በአብዛኛው በአንስታይ ይነገራል። ስለዚህ «-ሃ» የምትለው ተሳቢ ቅጥያ ሴቲቱን፣ ወይኑንና መለኮታዊውን ህላዌ በአንድነት ልታመለክት ትችላለች።

እዚህ ላይ ሁለት ተራ ግሦችን ማነጻጸር ይበቃል። «ሸሪብቱሃ» ማለት «ጠጣኋት» ሲሆን «አስከረትኒ» ማለት «አሰከረችኝ» ነው። በመጀመሪያው ግስ ተናጋሪው ባለቤት፣ ወይኑ ተሳቢ ነው፤ በሁለተኛው ወይኑ ባለቤት፣ ተናጋሪው ተሳቢ ሆኗል። ከወይን የሚፈለገው ይህ የቦታ ለውጥ ነው። ሰው በፈቃዱ ሊያደርግ የሚችለው አንድ ነገር፣ መጠጣት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ በእርሱ ላይ ይሆናል። ሱፊዎች የራስን መጥፋት «ፈናእ» ሲሉት ወደ ስካር ቋንቋ የሄዱት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከስካር («ሱክር») ቀጥሎ ንቃት («ሰሕው») የሚባል ደረጃ መኖሩም ምስሉን ሙሉ ያደርገዋል።

እ.ኤ.አ. በ1235 በካይሮ ያረፈው ዑመር ኢብን አል-ፋሪድ በታወቀው የወይን ቃሲዳው ከኢብን ዐረቢ የተለየ መንገድ ይከተላል። የእርሱ ወይን ከወይን ተክል መፈጠር በፊት የነበረ ነው። እንዲህ ያለ የማይቻል ነገር በገሃዱ ንባብ ላይ በር ይዘጋል፤ አንባቢው ሌላ ፍቺ እንዲፈልግ ግጥሙ ራሱ ያስገድደዋል። ስለዚህ ሁለት የግጥም ዓይነቶችን መለየት ይቻላል፦ ምልክቱ በቃሉ ውስጥ ያለበትና ምልክቱ በውጭ፣ ማለትም በማብራሪያ ወይም በዝማሬው ጉባኤ ያለበት። የሐለቡ ክርክር የተነሣው ሁለተኛው ዓይነት ከጉባኤው ወጥቶ በመነበቡ ነው።

3. የናፍቆት ባለቤት

አንድነቱ ፍጹም ቢሆን የሚናገር «እኔ» ስለማይኖር ግጥምም አይኖርም። ናፍቆት ይህን ችግር ይፈታል። እ.ኤ.አ. በ1072 ያረፈው አል-ቁሸይሪ በ«ሪሳላ»ው ከመምህሩ ከአቡ ዐሊ አድ-ደቃቅ ጠቅሶ ከአንድ ሥር የወጡ ሁለት ቃላትን ይለያል፦ «ሸውቅ» በመገናኘት የሚበርድ ናፍቆት ነው፤ «ኢሽቲያቅ» ግን በመገናኘትም አይወገድም። ለገጣሚው የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው፤ መገናኘቱ ሳይካድ ንግግሩ እንዲቀጥል ይፈቅዳልና።

ዐረብኛ «ናፈቅሁህ» ለማለት ናፋቂውን ባለቤት ያደርጋል። አማርኛ ግን «ናፈቅኸኝ» ይላል፤ ሩቅ ያለው ባለቤት፣ ናፋቂው ተሳቢ ነው፤ እንደ «ራበኝ» እና «ጠማኝ» ሁሉ። በመሆኑም ግጥሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ ዐረብኛው በወይን ብቻ ያገኘውን የቦታ ለውጥ አማርኛው በናፍቆት ግስ ያለ ድካም ያገኘዋል። በአንጻሩ «ወይን» እና «ባሕርይ» በአማርኛ ዘወትር በተባዕታይ ስለሚነገሩ፣ በ«-ሃ» የታሰረው የሦስትዮሽ ገመድ ይበጠሳል። ተርጓሚው አንዱን ሲያተርፍ ሌላውን ያጣል።

4. ከሰምና ወርቅ ጋር ያለው ልዩነት

አማርኛ አንባቢ ይህን ሁሉ በሰምና ወርቅ ሊመዝነው ይወዳል። ነገር ግን በሰምና ወርቅ ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ኅብረ ቃል ላይ ይገናኛሉ፤ ኅብሩ ሲፈታ ሰሙ ይቀልጣል። እዚህ ግን የሚፈታ አንድ ቃል የለም፤ ሁለትነት የሚኖረው በተውላጠ ስሙ ሰንሰለትና በግሡ ባለቤት ላይ ነው። ምስሎቹን እንደ መዝገበ ቃላት የመፍታት ልማድ ጥንትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1317 መሕሙድ ሸቢስተሪ «ጉልሸኒ ራዝ»ን ሲጽፍ ዓይን፣ ከንፈርና ጸጉር፣ ወይንና ሻማ ምን ማለት እንደሆኑ ለቀረቡለት ጥያቄዎች መልስ ሰጥቷል። እንዲህ ያለው ዝርዝር ለጀማሪ ይረዳል፤ ሆኖም «ወይን ማለት መለኮታዊ ፍቅር ነው» ብሎ የተካ አንባቢ፣ ከባለቤትነት ወደ ተሳቢነት የሚደረገውን ጉዞ አያየውም።

ይህ በቀጣናው ለሚሰበሰቡ ቃሲዳዎችና መንዙማዎችም ጥንቃቄ ይሻል። በመንዙማ የሚናፈቀው ብዙ ጊዜ ነቢዩ ሙሐመድ ናቸው፤ እዚያ ናፍቆትን በቀጥታ ከአምላክ ጋር የመዋሐድ ምስል ማድረግ ስሕተት ነው። ስለዚህ ከቃላቱ ፍቺ በፊት ሦስት ነገሮች በመዝገብ ይያዙ፦ ተጠሪው በየትኛው መደብና ጾታ እንደተጠራ፣ ገሃዱን ንባብ የሚከለክል ቃል በግጥሙ ውስጥ መኖሩ፣ ግጥሙም በምን ጉባኤ እንደተባለ። እነዚህ ሲያዙ ምስሉ ሳይቀልጥ ትርጉሙን መከተል ይቻላል።