አሥራ ዘጠኙ «አይችልም»

አንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አዲስ ሶፍትዌር ሊረከብ ነው እንበል። ባለሙያዎቹ ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ይዘው መጥተዋል። ገንዘብ ያዧ በራሷ መግቢያ ገብታ የአንድ አባል ቁጠባ ትመዘግባለች፤ ይሠራል። የብድር ሠራተኛው የብድር ጥያቄ ያስገባል፤ ይሠራል። ሥራ አስኪያጁ ያጸድቃል፣ ኦዲተሩ ሪፖርት ያወጣል፣ ሁሉም ይሠራል። የርክክብ ሰነዱ ይፈረማል። ገንዘብ ያዧ ብድር ላጽድቅ ብትል ምን እንደሚፈጠር ግን ከተሰበሰቡት ውስጥ የሞከረ የለም።

ይህን ጥያቄ አስቀድመው የሚጠይቁት የሶፍትዌር ሞካሪዎች ናቸው። ሥራቸውን የሚጀምሩት በሠንጠረዥ ነው። ከላይ በአግድም ሚናዎቹ ይሰፍራሉ፦ ገንዘብ ያዥ፣ የብድር ሠራተኛ፣ ሥራ አስኪያጅ፣ ኦዲተር። አምስተኛ ዓምድ ደግሞ ይጨመራል፤ ይኸውም የይለፍ ቃል ሳያስገባ ከውጭ የሚሞክር ማንኛውም ሰው ነው። በግራ በኩል ወደታች ሥራዎቹ ይዘረዘራሉ፦ ቁጠባ መመዝገብ፣ የአባል ሒሳብ ማየት፣ የብድር ጥያቄ ማስገባት፣ ብድር ማጽደቅ፣ የተሳሳተ ምዝገባ መሰረዝ፣ ሪፖርት ማውጣት። አምስት ሚና በስድስት ሥራ ሲባዛ 30 ሳጥን ይሆናል። በእያንዳንዱ ሳጥን «ይችላል» ወይም «አይችልም» ይጻፋል።

ቁጠባ የምትመዘግበው ገንዘብ ያዧ ብቻ ናት። ሒሳብ ማየት ለአራቱም ሠራተኞች ተፈቅዷል። የብድር ጥያቄ የብድር ሠራተኛው፣ እሱ በሌለ ጊዜ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ያስገባል። ማጽደቅና መሰረዝ የሥራ አስኪያጁ ነው፤ ሪፖርት የእሱና የኦዲተሩ። ሲደመር 11 «ይችላል» እና 19 «አይችልም» ይመጣል። በርክክቡ ቀን የታዩት ከ11ዱ ጥቂቶቹ ናቸው። ይህ የሰው ተፈጥሮ ነው፤ 11ዱ ካልሠሩ ሠራተኛው በማግስቱ ይጮኻል፣ 19ኙ ቢከፈቱ ግን የሚጮኽ የለም።

እያንዳንዱ ሳጥን ቢያንስ አንድ ቴስት ኬስ ይወጣዋል። አንዱን፣ «ገንዘብ ያዥ ብድር ማጽደቅ አይችልም» የሚለውን፣ እስከ መጨረሻው እንከተለው።

ጀማሪ ሞካሪ በገንዘብ ያዧ መግቢያ ይገባል፣ «አጽድቅ» የሚል ቁልፍ በስክሪኑ ላይ አያይም፣ «አልፏል» ብሎ ይመዘግባል። ያየው ግን ቁልፉ መደበቁን ብቻ ነው። ቁልፉን የሚነካ ሠራተኛ ኮምፒውተር ወደ ሰርቨሩ አንድ መልእክት ይልካል፤ ያንኑ መልእክት ቁልፍ ሳይነኩ በእጅ ጽፎ መላክ ጥቂት ለሚያውቅ ሰው የደቂቃ ሥራ ነው። ስለዚህ ፈተናው ስክሪኑን ትቶ በቀጥታ ሰርቨሩን መጠየቅ አለበት። ሰርቨሩም 403 የሚለውን መልስ፣ ማለትም «ማን እንደሆንሽ አውቄአለሁ፣ ግን አልተፈቀደልሽም» የሚለውን መመለስ ይኖርበታል። ከነጭራሹ ላልገባ ሰው መልሱ 401 ነው።

403 መጣ ብሎ ማቆምም አይበቃም። ስህተት መሆኑን እየተናገረ ሥራውን ግን ጨርሶ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም አለ፤ መዝገቡን ለውጦ ካበቃ በኋላ ነው ፈቃድ የሚጠይቀው። ስለዚህ ሞካሪው ተመልሶ ብድሩን ይከፍትና አሁንም «በመጠባበቅ ላይ» መሆኑን ያያል።

ከሁሉም የሚያሳስተው ግን ሌላ ነው፤ ክልከላው በሌላ ምክንያት የመጣ ሊሆን ይችላል። ሞካሪው አድራሻውን በአንድ ፊደል ቢያሳስት፣ ወይም የብድሩ ቁጥር ጨርሶ ባይኖር፣ ሰርቨሩ ጥያቄውን አይቀበልም። ፈተናውም «ከለከለ» ተብሎ ያልፋል፤ ፈቃዱ ግን አልተፈተሸም። መፍትሔው ቀላል ነው። ያንኑ ጥያቄ፣ አንድም ፊደል ሳይለወጥ፣ በሥራ አስኪያጁ መግቢያ መላክና መሳካቱን ማየት። ያኔ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጠያቂው ማንነት ብቻ ይሆናል። ብድር ቁጥር 412ን ብንወስድ ቴስት ኬሱ እንዲህ ይመስላል፦

```
cashier: POST /loans/412/approve   -> 403
loan 412 status                    -> pending
manager: POST /loans/412/approve   -> 200
loan 412 status                    -> approved
```

ቅደም ተከተሉም ዋጋ አለው። ሥራ አስኪያጁ ቀድሞ ቢያጸድቅ፣ ገንዘብ ያዧ የምትከለከለው ብድሩ አስቀድሞ ስለጸደቀ ሊሆን ይችላል።

ሠንጠረዡ የማይዘው ነገርም አለ። ሥራ አስኪያጁ ጥያቄ ማስገባትም ማጽደቅም ተፈቅዶለታል፤ ራሱ ያስገባውን ራሱ ቢያጸድቅስ? ባንኮች ይህን ሜከርና ቼከር እያሉ ለይተው ይከለክላሉ። በሠንጠረዡ ላይ ሁለቱም ሳጥኖች «ይችላል» ስለሚሉ ግን እያንዳንዱን ሳጥን ለየብቻ የሚፈትን ሰው ቀዳዳውን አያገኘውም። ማኅበሩ ሁለት ቅርንጫፍ ካለው ደግሞ የአንዱ ሥራ አስኪያጅ የሌላውን ብድር ማጽደቅ የለበትም። ስለዚህ «ይችላል» በሚለው ሳጥን ሥር «የማንን?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ለእያንዳንዱ ገደብም አንድ የሚከለከል ቴስት ኬስ ይጨመራል። ለዚህ ሲባል የሙከራው መረጃ ከመጀመሪያው ሁለት ቅርንጫፍና ሁለት ሥራ አስኪያጅ ሊኖሩት ይገባል። አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ባለበት የሙከራ መረጃ ይህ ስህተት ሊታይ አይችልም።

«የማንን?» የሚለው ጥያቄ ሲረሳ ምን እንደሚመጣ በ2019 አሜሪካ ውስጥ ታይቷል። ፈርስት አሜሪካን የተባለው የቤት ባለቤትነት ዋስትና ኩባንያ ለደንበኞቹ የሰነድ ሊንክ ይልክ ነበር፤ በሊንኩ ውስጥ የሰነዱ ቁጥር አለ። ቁጥሩን የለወጠ ሰው የሌላውን ደንበኛ ሰነድ ያያል፣ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውም የለም። ከ800 ሚሊዮን በላይ የሰነድ ምስሎች፣ የባንክ ሒሳብና የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ያለባቸው ጭምር፣ በዚህ መንገድ ተጋልጠው ተገኙ። በሠንጠረዛችን አምስተኛ ዓምድ ላይ «ሰነድ ማየት፦ አይችልም» የሚል አንድ ሳጥን ተጽፎ ቢፈተን በመጀመሪያው ሙከራ ይወድቅ ነበር።

ይህን መሰል ስህተት ብርቅ አይደለም። ኦዋስፕ የተባለው የሶፍትዌር ደኅንነት ድርጅት በ2021 ባወጣው የአሥር ዋና ዋና አደጋዎች ዝርዝር የፈቃድ ቁጥጥር ጉድለትን አንደኛ አድርጎታል። ቀዳዳ ፈላጊ ፕሮግራሞችም እዚህ ላይ ብዙ አይረዱም፤ ገንዘብ ያዥ ብድር ማጽደቅ እንደሌለባት ካልተነገራቸው ከየት ያውቃሉ?

«ሌላ ምንም አይችልም» የሚለውን ቃል በቃል መፈተን አይቻልም፤ ሌላው ማለቂያ የለውም። የሚቻለው ሁለት ነገር ነው። ፕሮግራሙ በሠንጠረዡ ያልተጠቀሰን ሁሉ እንዲከለክል ሆኖ ይሠራል። ከዚያም ሰርቨሩ የሚመልስባቸውን አድራሻዎች በሙሉ የሚዘረዝርና ከሠንጠረዡ ጋር የሚያስተያይ አንድ ፈተና ይጻፋል። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ፕሮግራመር «ወለድ አሻሽል» የሚል አዲስ ሥራ ቢጨምርና ለሚናዎቹ ፈቃዱን ሳይወስን ቢቀር፣ ያ ፈተና በዚያኑ ቀን ይወድቃል።

ፈተናው ሁሉ ቢያልፍ የሚታወቀው ፕሮግራሙ ከሠንጠረዡ ጋር መስማማቱ ነው። ሠንጠረዡ ራሱ ስህተት ከሆነ ፈተናው ስህተቱን በታማኝነት ያረጋግጣል። የተሳሳተ ምዝገባን ሥራ አስኪያጁ ብቻውን፣ ያለ ሁለተኛ ሰው ፊርማ መሰረዝ አለበት? እኔ አይመስለኝም፤ ይህን የሚወስኑት ግን የማኅበሩ ቦርድና ቁጥጥር ኮሚቴው ናቸው። ስለዚህ 30ውን ሳጥን ፕሮግራመሩ ብቻውን እንዲሞላው መተው አይገባም፤ ኮድ ከመጻፉ በፊት አንብበው መፈረም ያለባቸው እነሱ ናቸው።