«እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሉሽ ከየት ትጀምሪያለሽ?

ማስታወቂያው «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» ይላል። ተመራቂዋ አመለከተች፣ ጽሑፍ ፈተናውን አለፈች፣ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። አንደኛው ወረቀቷን እያገላበጠ «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን» አላት። እሷም ጀመረች፦ የት እንደተወለደች፣ አንደኛ ደረጃን የት እንደተማረች፣ ስንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ቤት እንደቀየረች... ዩኒቨርሲቲ ሳትደርስ ሁለት ደቂቃው አለቀ።

ይህች ልጅ ባለፈው ዓመት በአካውንቲንግ የተመረቀች የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ያመለከተችው ለቸርቻሪዎች ዕቃ በዱቤ የሚያከፋፍል አንድ አስመጪ ድርጅት ዘንድ ነበር። አልተሳካላትም። እንዴት እንዳወቀች ስትናገር ግን ነገሩ ገብቷታል፦ «ጨርሼ ዝም ስል ሰውየው፣ እሺ፣ ሌላስ? አለኝ። ቀጥሎ የጠየቀኝም ካወራሁት ነገር ጋር ምንም አይገናኝም።»

ምልክቱ ይኸው ነው። መልሱ ከሠራ የሚቀጥለው ጥያቄ ከመልሱ ውስጥ ይወጣል፤ «ያንን ስትሠሪ እንዴት አደረግሽው?» ይላሉ። ካልሠራ «ሌላስ?» ይመጣል፣ ወይም ወደ ወረቀቱ ይመለሳሉ።

የትውልድ ታሪክ መደርደር ብዙዎቻችን የለመድነው ነው። ሁለተኛው የተለመደ ነገር ደግሞ ጠባይን መዘርዘር ነው፦ «ታታሪ ነኝ፣ ታማኝ ነኝ፣ ከሰው ጋር ተግባብቼ እሠራለሁ።» ከእሷ በፊት የገባውም፣ ከእሷ በኋላ የሚገባውም ይህንኑ ይላል። ጠያቂው ምኑን ይጻፍ? ሦስተኛው «ልምድ እንኳ የለኝም፣ ግን...» ብሎ በይቅርታ መጀመር ነው። 0 ዓመት ብለው የጠሩት እነሱ ናቸው እኮ! የሚያውቁትን መልሶ መንገር ጊዜ ማባከን ነው።

ታዲያ ሁለቱ ደቂቃ በምን ይሞላ? መሐሉን አንድ ነገር ይያዘው፤ ደመወዝ ተከፈለበትም አልተከፈለበትም፣ ተመራቂው በእጁ የሠራው አንድ ሥራ። መግቢያው ሃያ ሰከንድ ያህል ይበቃዋል፦ አሁን ማን ነኝ፣ ምን ተማርኩ። መሐሉ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይወስዳል። መጨረሻው ሃያ፣ ሠላሳ ሰከንድ ነው፦ ለምን እዚህ ቦታ አመለከትኩ። ከሁለት ደቂቃ ቢያንስ ማንም አይቆጣም፤ ሲበልጥ ነው ሰዓት ማየት የሚጀምሩት።

«የሠራሁት ነገር የለም» የሚል ብዙ ነው። ፍለጋው ከራስ አይጀምር፣ ከማስታወቂያው ይጀምር። ማስታወቂያው ላይ የሥራው ዝርዝር አለ። ከእያንዳንዱ አጠገብ «ይህን የሚመስል ነገር መቼ ሠራሁ?» ብሎ መጻፍ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ይኖራል፣ የተግባር ልምምድ ይኖራል፣ የአባትን የእድር ደብተር መያዝም ይኖራል። ያቺ ልጅ እንዲህ አድርጋ ስትፈልግ «ተሰብሳቢ ሒሳብ መከታተል» ከሚለው አጠገብ የጻፈችው የአክስቷን ሱቅ ነው። «ይህም ይወራል እንዴ?» ብላ ነበር። እንዴት አይወራም!

ሁለተኛ ጊዜ፣ ሌላ አከፋፋይ ድርጅት ዘንድ፣ የመለሰችው ይህንን ነው።

«እገሊት እባላለሁ። ባለፈው ዓመት በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ከተማርኩት ሁሉ የሳበኝ፣ ደብተር ላይ ያለው ቁጥር እውነት ከገንዘቡ ጋር ይገናኛል ወይ የሚለው ነው።

«ይህንን በተግባር ያየሁት በአክስቴ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ነው። አክስቴ ለሠፈሩ ሰው በዱቤ ትሰጣለች፤ ዱቤው ሦስት ደብተር ላይ ስለሚጻፍ ማን ስንት እንዳለበት በትክክል አይታወቅም ነበር። ሦስተኛ ዓመትን ጨርሼ ክረምት ላይ ሦስቱን ወደ አንድ አመጣኋቸው። 41 ሰው፣ በድምሩ 38 ሺህ ብር ወጣ። ከዚያ ዕዳውን በቆየበት ጊዜ ለየሁት፦ ወር ያልሞላው፣ ከአንድ እስከ ሦስት ወር የሆነው፣ ከሦስት ወር ያለፈው። ያለፈው 11 ሺህ ብር ነበር፣ እሱም የሰባት ሰው ብቻ። አክስቴ ሁሉን ከመጨቅጨቅ እነዚያን ሰባቱን አነጋገረች። መስከረም ሳይጠባ 8 ሺህ ብር ገባ። ሁለት ሰዎች ግን አልወሰድንም አሉ፤ ፊርማ ስለሌለ የቀረውን 3 ሺህ ማስከፈል አልቻልንም። ከዚያ ወዲህ ዱቤ የሚወስድ ሁሉ ይፈርማል።

«እናንተም ለቸርቻሪ በዱቤ ታከፋፍላላችሁ፤ ማስታወቂያችሁም ተሰብሳቢ ሒሳብ የሚከታተል ጀማሪ ሠራተኛ ይላል። በአንድ ሱቅ የሠራሁትን በትልቅ ሥርዓት ውስጥ፣ ሥራውን ከሚያውቁት ጋር ሆኜ መሥራት ስለምፈልግ ነው ያመለከትኩት።»

ልብ በሉ፣ «ታታሪ ነኝ» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ክረምቷን ሦስት ደብተር ስታገናኝ ያሳለፈች ልጅ ታታሪ መሆኗን ጠያቂው ራሱ ይደርስበታል። የጠፋውን 3 ሺህ ብር መናገሯም አልጎዳትም። ሁሉም ነገር የተሳካበት ታሪክ የተፈበረከ ይመስላል፤ ፊርማ አለመኖሩን ማየቷ ደግሞ ሒሳብ የገባት መሆኑን ያሳያል።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ደብተሩ ላይ የተጻፈው ትክክል መሆኑን በምን አወቅሽ?» የሚል ነበር። ለየባለዕዳው የስሙን ሒሳብ እያነበበች እንዳስታመነች፣ ያልተስማሙትን ለብቻ እንደጻፈች መለሰች። የውጭ ኦዲተር ለደንበኞች ደብዳቤ ልኮ ዕዳቸውን የሚያረጋግጠው በዚሁ መንገድ ነው፤ ጠያቂዎቹም ያውቁታል። እዚህ ላይ ነው የተጋነነ ነገር የሚጋለጠው። 41ዱን ሰው 400 ብላ ቢሆን ኖሮ «ሁሉን በስንት ቀን አነጋገርሽ?» ሲሏት ትያዝ ነበር። ሦስት ተከታታይ ጥያቄ የማይችል ነገር ከመልሱ ቢወጣ ይሻላል።

አንድ የእኛ አገር ችግር ደግሞ አለ። «እኔ» ማለት ጉራ ይመስለናል። በቡድን የተሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያወራ ልጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ሠራን፣ ሰበሰብን፣ ተነተንን» ይላል። አምስት ሆነው ከሠሩት የእሱ ድርሻ የትኛው እንደሆነ ጠያቂው በምን ይወቅ? «አምስት ነበርን፤ መጠይቁን ያዘጋጀነው አብረን ነው፣ 60ውን ነጋዴ ያነጋገርኩት ግን እኔና አንድ ጓደኛዬ ነን» ቢል ጉራም አይሆን፣ ውሸትም አይሆን።

መልሱን ቃል በቃል መሸምደድ አይረዳም። ዳዊት እንደሚደግም ተማሪ የሸመደደ ሰው አንድ ቃል ሲጠፋበት ሁሉ ይጠፋበታል። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር፣ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገርና መሐል ያሉትን ቁጥሮች ብቻ መያዝ ነው። የመጨረሻው በተለይ መታወቅ አለበት፤ ካልታወቀ «እና... በቃ፣ ይኸው ነው» እያሉ ሲንጠለጠሉ መቅረት ይመጣል።

በስልክ ድምፅ ቀድቶ ማዳመጥ ጥሩ መለኪያ ነው። መቅረጫው 40 ሰከንድ አልፎ አሁንም ስለ ትምህርት ቤት የሚወራ ከሆነ መግቢያው ይቆረጥ።

ብዙ መሥሪያ ቤት ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ይጀምረዋል። ለዚያም ያው አክስት፣ ያው ሱቅ፣ ያው 41 ሰው ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን አጠር አጠር ማድረግ ብቻ። ከሰው የተቀዳ የሚያምር እንግሊዝኛ ይዞ የገባ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ የራሱ እንግሊዝኛ ሲመጣ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። በአማርኛ ልመልስ ወይ ብሎ መጠየቅም አያሳፍርም፤ የሚጠየቀው ግን ከመጀመሩ በፊት እንጂ መሐል ላይ ከተደናገሩ በኋላ አይደለም።