ለአባዬ ልደት የግማሽ ደቂቃ ድምፅ

ባለፈው ጥር፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ሞርስ ሮድ አካባቢ ከሚኖሩት ደንበኞቼ አንዷ ከሁለት ልጆቿ ጋር መጣች። ባለቤቷ አዲስ አበባ ነው፤ ከተለያዩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ሲለያዩ ትልቋ ልጅ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፣ አሁን ሰባት ሞልቷታል። አባት ጥር 11፣ በጥምቀት ቀን 1978 ዓ.ም. ነው የተወለደው። በማግስቱ 40 ሊሞላው ነውና ልጅቷ በዋትሳፕ የድምፅ መልእክት እንድትልክለት ነበር ሐሳቡ።

እናት ጽፋ ይዛ መጥታለች፦ «ውድ አባቴ ሆይ፣ እንኳን ለአርባኛ ዓመት የልደት በዓልህ በሰላም አደረሰህ...» ልጅቷ ፊደል ስለማታነብ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የተጻፈላት። ስታነበው ግን የሷ ድምፅ ጠፋ። «ቀን» ስትል «ከን» ሆነ፣ «ጥምቀት»ም «ትምከት» ሆነ። በወረቀቱ ላይ «ጠ» እና «ተ» በአንድ ፊደል ነዋ የተጻፉት። ወረቀቱን አስቀምጠን «ለአባዬ ምን ልትነግሪው ትፈልጊያለሽ?» አልናት። ወዲያው «ጥርሴ ወደቀ!» አለች።

በቃ፣ መልእክቱ ከዚያ ተነሣ። በቃሏ እየደጋገመች ያጠናችው ይኸውላችሁ፦

«አባዬ፣ እንኳን ተወለድክልኝ! ዛሬ አርባ ዓመት ሞላህ፣ እማዬ ነገረችኝ። የፊት ጥርሴ ወደቀ። ስናገር ይሰማሃል? አባዬ፣ አንተ ልጅ ሆነህ ልደትህን እንዴት ነበር የምታከብረው? መልስልኝ፣ እሺ? እወድሃለሁ።»

ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሰላምታ፣ አንድ ወሬ፣ አንድ ጥያቄ፣ ስንብት። ጥያቄው «ደህና ነህ?» ቢሆን ኖሮ «ደህና ነኝ» ተብሎ ያበቃ ነበር። ይሄኛው ግን አባትን ታሪክ ያስወራዋል።

መጀመሪያ ላይ «እንኳን ተወለድሽልኝ» ነበር ያለችው። አትፍረዱባት፤ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምትሰማው «ነይ፣ ብዪ፣ ተኚ» ነው። ለወንድ እንዴት እንደሚነገር የምትለማመድበት አባት አጠገቧ የለም። እናቷ ታናሽ ወንድሟን ከፊቷ አቁማ «ና፣ ብላ፣ ጠጣ» አስባለቻትና ወዲያው ተስተካከለ። በእናንተ ቤት አባት አንቱ የሚባል ከሆነ ደግሞ «እንኳን ተወለዱልኝ»፣ «ይሰማዎታል?» ብላችሁ አለማምዷቸው።

«ወደቀ» የሚለውንም እናት «ወለቀ በይ» ልትላት ነበር፣ እኔ ተውያት አልኩ። «አንቺ» ማለት አባትን ሌላ ሰው ያደርገዋል፣ ስለዚህ ይታረማል። «ወደቀ» ግን ይገባዋል፤ ልጁ ምን ዓይነት አማርኛ እያወራች እንደምታድግም ይሰማበታል። ሁሉንም ስናርም ልጆች አፋቸውን ይይዛሉ።

መጀመሪያ የቀዳነው ጓዳው አጠገብ ነበር፤ መልሰን ስንሰማው ከምድጃው በላይ ያለው የጭስ መሳቢያ ድምፅ ዋጣት። መኪና ውስጥ ገብተን፣ ሞተር አጥፍተን፣ ስልኩን ከአፏ አንድ ስንዝር አርቀን በስልኩ መቅጃ ቀዳን። ጨርሳ ትንሽ ዝም ካለች በኋላ ነው ያቆምነው፤ ቶሎ ሲያቆሙት «እወድሃለሁ» ይቆረጣል።

የቀረው ሰዓቱ ነው። በክረምት አዲስ አበባ ከኮሎምበስ በ8 ሰዓት ይቀድማል፣ በበጋ እዚህ ሰዓት ሲቀየር በ7። ሰኞ ጠዋት ልጅቷ በ8 ሰዓት ተነሥታ ብትልክ ኖሮ እዚያ ከቀኑ 10 ሰዓት ሆኗል፣ ጥምቀቱም አልፏል። ስለዚህ እናት እሁድ ማታ በእዚህ ቆጠራ 11 ሰዓት ላይ ላከችው፤ አዲስ አበባ ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት መሆኑ ነው። ከዋዜማው ስትቀዳም «ነገ» ሳይሆን «ዛሬ» ያስባልናት ለዚህ ነው።

ቀኑንም እዩ። ጥር 11 ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 19 ነው፤ ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ጃንዋሪ 20 ይውላል። በ2016 ዓ.ም. እንደዚያ ነበር፣ በ2020ም ይሆናል። ስልካችሁ ላይ 19ን ብቻ ከመዘገባችሁ ያን ዓመት አንድ ቀን ትቀድማላችሁ።

መልሱ ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ሲነሡ ደርሶ ነበር። እናት አምጥታ አሰማችኝ። ከኋላው የጃንሜዳ ዝማሬና እልልታ ይሰማል። «ጥርስሽ መውለቁ ይሰማል፣ የኔ እመቤት» ይላል። «እኔ ልጅ ሆኜ ኬክ የለም፣ ሻማ የለም። ግን በልደቴ ቀን ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ይወጣል፣ እልል ይላል። ለኔ ይመስለኝ ነበር እኮ!»

ልጅቷ ይህን ስትሰማ ሦስት ጊዜ አስደገመች። ከዚያ «እማዬ፣ ስልኩን ስጪኝ፣ ሌላ ጥያቄ አለኝ» አለች።