የካቲትና መጋቢት በግጥም ውስጥ

ለሕፃናት ተማሪዎች የዓመቱን ወሮች በተርታ የሚያስይዝ ግጥም ለማውጣት የተነሣ የሀገራችን መምህር፣ የፈረንጅ መምህር ካለበት ድካም ግማሹ ይቀርለታል። በፈረንጆች አቆጣጠር አንዱ ወር 30፣ ሌላው 31፣ አንዱም 28 ወይም 29 ቀን ስለሆነ፣ የእነርሱ የወር ግጥም በብዙው የሚደክመው የቀኖቹን ቁጥር ለማስያዝ ነው። የእኛዎቹ ዐሥራ ሁለት ወሮች ግን እያንዳንዳቸው 30 ቀን ናቸው። ስለዚህ ለግጥሙ የሚቀረው ዋና ሥራ ተርታውን መጠበቅ ነው።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ግጥም በጠባዩ የሚጠብቀው ቤቱን እንጂ ተርታውን አይደለም። ጥቅምት፣ የካቲት፣ መጋቢትና ግንቦት ሁሉም በ«ት» ያልቃሉ። መምህሩ ይህን ሲያይ ቤት የሚመታ ቃል ሳይፈልግ ስላገኘ ደስ ይለዋል፤ ወጥመዱም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል ሁለት ስንኝ እንግጠም።

ጥር አለፈ ብሎ ተተካ የካቲት፣
ቀጥሎም መጣልን ወዳጁ መጋቢት።

ለጆሮ አይከፋም። የወል ቤት ስለሆነም እያንዳንዱ ስንኝ በስድስት በስድስት ቀለም ይከፈላል። አሁን ደግሞ ሁለቱን ወሮች እናለዋውጣቸው።

ጥር አለፈ ብሎ ተተካ መጋቢት፣
ቀጥሎም መጣልን ወዳጁ የካቲት።

ቤቱ አልፈረሰም፤ ምቱም አልተሰናከለም። የካቲት ሦስት ቀለም ነው፤ መጋቢትም ሦስት ቀለም ነው፤ መጨረሻቸውም ይመሳሰላል። እንግዲህ ልጁ ሲሳሳት «ተው» የሚለው ጆሮ የለውም። ስሕተቱን በዜማ ደጋግሞ ከያዘው ደግሞ ማስለቀቁ ከማስተማሩ ይከብዳል።

መድኃኒቱ ወሩን ከስንኙ መጨረሻ አንሥቶ ወደ መጀመሪያው ማምጣትና ቤት መምታቱን ለሌላ ቃል መስጠት ነው። ከወሩም ጎን የእርሱ ብቻ የሆነ ነገር ይቀመጣል።

የካቲት ላይ አድዋ፣ ድሉ የሚወሳ፤
መጋቢት ቀን ሌቱን ለክቶ ተነሣ።

የአድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘ ስለሆነ በዓሉ ከወሩ አይነቃነቅም። በመጋቢት ደግሞ በ11ኛው ቀን ገደማ ቀንና ሌሊት እኩል ይሆናሉ። በመስከረምም እኩል ይሆናሉ የሚል አንባቢ ይኖራል፤ እውነቱን ነው። መስከረም ግን የዓመቱ በር ነውና ከመጋቢት ጋር የሚያምታታው ልጅ እምብዛም አይገኝም። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፤ እዚህም ላይ ወሮቹ ቢቀያየሩ ስንኙ አይሰበርም። ስሕተቱን የሚይዘው የልጁ ዕውቀት ስለሆነ፣ መምህሩ የአድዋን ታሪክ ሳይነግር ስንኙን ብቻ ቢያስጠና ልፋቱ ከንቱ ነው።

ወሩን የምናስርበት ነገር የማይንቀሳቀስ መሆን አለበት። ለሚያዝያ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ፋሲካ ነው። ፋሲካ ግን ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ድረስ ይመላለሳል፤ በ2010 ዓ.ም. የዋለው መጋቢት 30 ቀን ነበር። በዚያ ዓመት «ሚያዝያ የፋሲካ ወር» እያለ የሚያጠና ልጅ በዓሉን በቤቱ ሲያከብር ግጥሙን መጠራጠሩ አይቀርም። ረመዳንማ በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ወደፊት እየቀደመ ወሮቹን ሁሉ ስለሚዞር ለዚህ ሥራ ከቶ አይሆንም። ገናን ለታኅሣሥ፣ ጥምቀትን ለጥር፣ ቡሄን ለነሐሴ መስጠት ግን ያስተማምናል።

ልጁ ግጥሙን በአንድ ትንፋሽ ስለ ወጣው ወሮቹን ያውቃል ማለት አይደለም። «ከግንቦት በፊት ያለው ማን ነው?» ብለን እንጠይቀው። ዝም ብሎ ከንፈሩን ካንቀሳቀሰ፣ ከመስከረም ተነሥቶ እየተንደረደረ መሆኑ ነው። ግጥም ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይሄድም። ለዚህም ግጥሙን በሦስት በሦስት ወር ቆርጦ፣ አንድ ቀን ከታኅሣሥ፣ አንድ ቀን ከሰኔ ማስጀመር ይጠቅማል፤ ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን ያጉረመርማሉ እንጂ ይለምዱታል።

የቀረችው ጳጉሜን ናት። ዐሥራ ሁለቱ ወሮች በስድስት ጥንድ ስንኝ ልክ ስለሚያልቁ፣ ገጣሚው ሥራው የተፈጸመ መስሎት ይተዋታል። እንዲህ ባለው ግጥም የተማረ ልጅ ከነሐሴ ቀጥሎ መስከረም ይላል። እርሷ የራሷ ጥንድ ስንኝ ያስፈልጋታል፤ የቀን ቁጥር የሚነገርባትም ወር እርሷ ብቻ ናት።

ጳጉሜን ባምስት ቀን ዓመቱን ፈጸመች፤
በዘመነ ሉቃስ አንድ ቀን ጨመረች።

ከፍ ያሉት ተማሪዎች ዘመነ ሉቃስ መቼ እንደሆነ መጠየቃቸው አይቀርም። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሎ 3 ከተረፈ ያ ዓመት ነው፤ 2011 እና 2015 እንደዚህ ነበሩ፤ ጳጉሜንም ስድስት ቀን ሆናለች።