የጣሪያ ትራስ እንጨት

የጣሪያ ትራስ የቤትን ክዳን ተሸክሞ ክብደቱን ወደ ግድግዳ የሚያወርድ፣ ከብዙ እንጨቶች በሦስት ማዕዘን ቅርጽ የተገጣጠመ ማዕቀፍ ነው። ቃሉ ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ሲሆን ራስ ከሚደገፍበት ትራስ ጋር የሚያመሳስለው ድምፁ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ የቆርቆሮ ክዳን ባላቸው ቤቶች ላይ ትራስ በብዛት የሚሠራው ከክብ የባሕር ዛፍ እንጨት ነው። በትራሶቹ ላይ የሚጋደመውና ቆርቆሮው የሚመታበት እንጨት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተሰነጠቀ ሞራሌ ነው። ለአንድ ጣሪያ የሚያስፈልገው የእንጨት ርዝመት ከሁለት ነገሮች ይሰላል፤ አንደኛው ትራሱ የሚሻገረው ስፋት ሲሆን ሁለተኛው በእንጨቶቹ መካከል ያለው ርቀት ነው።

የክፍሎቹ ስም

በሁለት በኩል በሚያዘቀዝቅ ተራ ጣሪያ ላይ፣ ከጣሪያው አናት ተነሥቶ ወደ ክፈፉ የሚወርደው ሰያፍ እንጨት ወራጅ ይባላል። ሁለቱን ወራጆች ከግርጌ የሚያስተሳስረው ረጅም እንጨት የታች አግዳሚ ነው። አናቱን ከታች አግዳሚው ጋር የሚያገናኘው የመሃል ቋሚ ሲሆን፣ ከቋሚው ግርጌ ተነሥተው የወራጆቹን ወገብ የሚደግፉ ሁለት ሰያፎችም አሉ። ሞራሌ ወራጆቹን አቋርጦ ከቤቱ ርዝመት ጋር ትይዩ ይተኛል። ማገር የሚባለው ደግሞ ከሞራሌ የቀጠነና ተቀራርቦ የሚመታ ወይም የሚታሰር እንጨት ነው፤ በሣር ክዳንና በሸክላ ክዳን ላይ ይገኛል እንጂ ለቆርቆሮ አያስፈልግም።

ከእነዚህ ሁሉ በቀላሉ የሚናቀው የታች አግዳሚው ነው። ወራጆቹ ክብደት ሲያርፍባቸው እግራቸው ወደ ውጭ ይንሸራተታል፤ አግዳሚው ይህን ወደ ጎን የሚገፋ ኃይል እንደ ገመድ ወጥሮ ይይዛል። ቤቱ ከፍ ብሎ እንዲታይ ተብሎ አግዳሚው ከተነሣ ወይም በመሃሉ በደካማ ቅጥል ከተሠራ ግፊቱን የሚቀበለው ግድግዳው ይሆናል። ምልክቱም በግድግዳው የላይኛው ማዕዘን ላይ የሚታይ ስንጥቅ፣ ቆይቶም የጣሪያው አናት በመሃል መስመጥ ነው።

የወራጅ ርዝመት

ለምሳሌ ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ 6 ሜትር ስፋትና 9 ሜትር ርዝመት ያለውን ቤት እንውሰድ። የጣሪያው አናት ከግድግዳው ጫፍ 1.2 ሜትር ከፍ ይላል። የስፋቱ ግማሽ 3 ሜትር ስለሆነ ጣሪያው በየ1 ሜትሩ 40 ሳንቲ ሜትር ይወጣል ማለት ነው፤ ይህም ወደ 22 ዲግሪ ይጠጋል። ግድግዳውን ከዝናብ ለመከላከል ክፈፉ ከግድግዳው 50 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ እንዲወጣ ተወስኗል።

ወራጁ በአግድም የሚሸፍነው 3 ሜትር እና 50 ሳንቲ ሜትር፣ በድምሩ 3.5 ሜትር ነው። በዚህ ርቀት የሚወጣው ከፍታ 3.5 × 0.4 = 1.4 ሜትር ይሆናል። በፓይታጎራስ እርጉጥ መሠረት፦

√(3.5² + 1.4²) = √14.21 = 3.77 ሜትር

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይፈጸማል። አንደኛው በፕላን ላይ የሚታየውን 3.5 ሜትር እንዳለ ወስዶ መቁረጥ ነው፤ እንዲህ የተቆረጠ ወራጅ 27 ሳንቲ ሜትር ያጥረዋል። ሁለተኛው ረቀቅ ያለ ነው፤ ለ3 ሜትሩ ብቻ ተዳፋቱን አስልቶ 3.23 ካገኙ በኋላ የክፈፉን 50 ሳንቲ ሜትር እንዲሁ መደመር። ክፈፉም ያው ተዳፋት ስላለው ይህኛው 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ያጎድላል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ሁሉም ወራጆች እኩል ስለሚያጥሩ አሸንዳው ከታሰበለት ቦታ ወደ ውስጥ ይገባል።

ሰያፎቹም በዚሁ መንገድ ይሰላሉ። ከመሃል ቋሚው ግርጌ እስከ ወራጁ ወገብ በአግድም 1.5፣ ወደ ላይ 0.6 ሜትር ስለሆነ እያንዳንዱ 1.62 ሜትር ይደርሳል። እነዚህ ሁሉ የመሃል መስመር ልኮች ናቸው። ምስማር ከእንጨት ጫፍ አጠገብ ሲመታ ባሕር ዛፍ በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ፣ በየመገጣጠሚያው ትርፍ ትቶ ከተመታ በኋላ መቁረጥ ይሻላል። ለዚህ ጣሪያ 3.77 ሜትር ቢሰላም የሚገዛው ከ4 ሜትር የማያንስ እንጨት ነው።

ክፈፍንና ቆርቆሮን ማስማማት

የክፈፉ 50 ሳንቲ ሜትር በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ቆርቆሮው 2 ሜትር ርዝመት ካለው ሁለት ቆርቆሮዎች በ20 ሳንቲ ሜትር ተደራርበው 3.80 ሜትር ይሸፍናሉ። የታችኛው ቆርቆሮ ውኃው እንጨቱን እንዳይነካ ከወራጁ ጫፍ 5 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። የላይኛው ከአናቱ 2 ሳንቲ ሜትር ቀድሞ ይቆማል፤ ክፍተቱን ኮልሞ፣ ማለትም የአናት መክደኛው፣ ይሸፍነዋል። የሚያስፈልገው 3.77 + 0.05 − 0.02 = 3.80 ስለሆነ ሁለቱ ቆርቆሮዎች ልክ ይበቃሉ።

ክፈፉ 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን ቢባል ወራጁ 3.88፣ የሚሸፈነው ደግሞ 3.91 ሜትር ይሆናል። የጎደለው 11 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን ለእርሱ ሲባል በሁለቱም የጣሪያ ክንፎች ሦስተኛ የቆርቆሮ ረድፍ መግዛት ያስፈልጋል፤ አለዚያ መደራረቡ ወደ 9 ሳንቲ ሜትር ይወርድና ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የክፈፉ ልክ የሚወሰነው የቆርቆሮው ርዝመት ከታወቀ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

የሞራሌ ረድፎች

የሞራሌው ርቀት የሚለካው በወራጁ ላይ፣ በተዳፋቱ መሠረት ነው። ለስስ ቆርቆሮ በረድፎች መካከል እስከ 90 ሳንቲ ሜትር የተለመደ ነው፤ ከዚህ ሲሰፋ ሰው የረገጠው ቆርቆሮ ይጎደጉዳል። በምሳሌው ቤት የመጀመሪያው ረድፍ ከወራጁ የታች ጫፍ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ይመታል፤ ቀጣዮቹ በ0.95፣ በ1.85፣ በ2.75 እና በ3.65 ሜትር ላይ ይውላሉ። ክፍተቶቹ 4፣ ረድፎቹ ግን 5 ናቸው። የክፍተትን ብዛት እንደ ረድፍ ብዛት መቁጠር የተለመደ ስሕተት ሲሆን በዚህ ቤት በሁለቱ ክንፎች ሁለት ረድፍ ያስቀራል።

ከአምስቱ ሦስተኛው የተለየ ሥራ አለው። ቆርቆሮዎቹ የሚደራረቡት ከ1.75 እስከ 1.95 ሜትር ባለው ቦታ ላይ ስለሆነ በ1.85 ላይ ያለው ሞራሌ ልክ ከድርቡ መሃል በታች ይውላል፤ አንዱ ምስማር ሁለቱንም ቆርቆሮ ይይዛል። ርቀቱ ተስተካክሎ ድርቡ ባዶ ላይ ቢውል ግን ቆርቆሮዎቹ በነፋስ ይራገባሉ፣ ውኃም ያሳልፋሉ።

የእያንዳንዱ ረድፍ ርዝመት የቤቱ 9 ሜትር ሲደመር በሁለቱም ጎን ያለው የ50 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ፣ በድምሩ 10 ሜትር ነው። አሥሩ ረድፎች 100 ሜትር ይሆናሉ። ሞራሌው ባለ 4 ሜትር ከሆነ 100ን ለ4 አካፍሎ 25 መግዛት ትክክል ይመስላል፤ ሆኖም አይበቃም። ቅጥሉ በትራስ ላይ መዋል አለበት፤ በሁለት ትራሶች መካከል የተቀጠለ ሞራሌ እንደ ማጠፊያ ይታጠፋል። ትራሶቹ በየ1.5 ሜትሩ ከቆሙ የመጀመሪያው ሞራሌ ከጎን ክፈፉ ተነሥቶ በ3 ሜትር ላይ ካለው ትራስ አልፎ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ከዚያ ትራስ በፊት ጎን ለጎን ተደርቦ ይጀምርና በ6 ሜትር ላይ ካለው ያልፋል፤ ሦስተኛው እስከ ሌላው ክፈፍ ይደርሳል። ለአንድ ረድፍ 3፣ ለጣሪያው 30 ሞራሌ ማለት ነው። የተረፈው ርዝመት በድርብ ቅጥሉ ላይ ስለሚውል ቁራጭ አይባክንም።

የትራስ ብዛት

9 ሜትር ለ1.5 ሲካፈል 6 ክፍተት ይሰጣል፤ ስለዚህ 7 ትራስ፣ 14 ወራጅ፣ 7 የታች አግዳሚ ያስፈልጋል። ቤቱ 9.4 ሜትር ቢሆን ኖሮ ውጤቱ 6.27 ስለሚሆን ወደ 7 ክፍተት ከፍ ተደርጎ 8 ትራስ በየ1.34 ሜትሩ ይቆማል። ወደ ታች ማጠጋጋት አይፈቀድም፤ ክፍተቱ ከታሰበው ይሰፋልና።

ይህ ስሌት ርዝመትን እንጂ ጥንካሬን አይናገርም። ሞራሌዎቹ ሰያፉ በሚደግፈው ነጥብ ላይ ብቻ ስለማያርፉ ወራጁ በየመሃሉ ይጎብጣል፤ ወራጅ ከሰያፍ ወፍሮ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ስፋቱ እያደገ ሲሄድ ሰያፎችና ቋሚዎች መጨመር አለባቸው፤ ለሰፋፊ አዳራሾች የእንጨቱን ውፍረትና መገጣጠሚያውን መሐንዲስ ማስላት ይኖርበታል።

የባሕር ዛፍ ጠባይ

ክብ ባሕር ዛፍ ከሥሩ ወፍሮ ወደ ጫፉ ይቀጥናል። አንዱ ወራጅ ወፍራም ጫፉን ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች አድርጎ ከተገጠመ የሞራሌዎቹ መስመር ይወዛወዛል። ስለዚህ ሁሉም ወፍራም ጫፋቸው ወደ ክፈፉ ይደረግና፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ትራስ መካከል ሲባጎ ተወጥሮ ከፍ ያለው ይጠረባል፣ ዝቅ ካለው ሥር ቁራጭ እንጨት ይገባል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ስለሚኮማተርና ስለሚጣመም የመታው ምስማር ይላላል፤ ቀድሞ ልጡ ተልጦ በጥላ ሥር የደረቀ ይመረጣል። ምስጥን ለመከላከል የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው።

የቆርቆሮ ጣሪያ በካሬ ሜትር ከ5 ኪሎ በታች ስለሚመዝን የሚያሰጋው ከመውደቁ ይልቅ በነፋስ መነሣቱ ነው። ለዚህም ከግድግዳው አናት የወጣ ብረት ወይም ወፍራም ሽቦ በእያንዳንዱ ትራስ እግር ላይ ይጠመጠማል። የቆርቆሮ ምስማሩም በሞገዱ ጉብታ ላይ ይመታል፤ በውኃ መውረጃው ጎድጓዳ ላይ የተመታ በየክረምቱ ያፈሳል።

ክዳኑ ሸክላ ሲሆን

የሸክላ ክዳን በካሬ ሜትር 40 ኪሎና ከዚያ በላይ ስለሚከብድ ወራጆቹ ይቀራረባሉ፣ ተዳፋቱም ብዙውን ጊዜ ከዚህ ምሳሌ ይበልጣል። በዚህ ጊዜ ርቀትን የሚወስነው የሸክላው መንጠቆ ነው። ሸክላው በየ34 ሳንቲ ሜትሩ የሚያዝ ከሆነና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማገር 3.40 ሜትር ካለ፣ 10 ክፍተትና 11 የማገር ረድፍ በእያንዳንዱ ክንፍ ይመታል። ርቀቱ 3.50 ሜትር ቢሆን ክፍተቱ 11 ይሆንና እያንዳንዱ ወደ 31.8 ሳንቲ ሜትር ይጠባል፤ ሸክላዎቹም በዚያው መጠን ይበልጥ ይደራረባሉ።