ፕሮፖዛል የሚፈተንባቸው ሁለት ክፍሎች

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ኮርሶቹን ጨርሶ ወደ መመረቂያ ጽሑፉ ሲሻገር መጀመሪያ የሚጠየቀው ፕሮፖዛል ነው። ፕሮፖዛሉ በዲፓርትመንቱ መምህራን ፊት ቀርቦ ሲገመገም ክርክር የሚበዛው በሁለት አጫጭር ክፍሎች ላይ ነው፤ በችግሩ መግለጫና በጥናቱ ዓላማዎች። ሁለቱ ቢደመሩ ከሁለትና ከሦስት ገጽ አያልፉም። ነገር ግን መጠይቁም፣ የናሙናው ብዛትም፣ የትንተናው ዘዴም የሚቀዳው ከእነሱ ነው። እዚህ ላይ የተሳተ ነገር መረጃው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ሊቃና አይችልም።

ነገሩን በአንድ ርዕስ ላይ እንየው። አንዲት የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ልታጠና ተነሳች እንበል። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎች ወረዳዎች የተስፋፋ ነው። አንድ ቤተሰብ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላል፤ ዓመቱን ሙሉ ውል በተገባባቸው የጤና ተቋማት ሲታከም ከኪሱ አይከፍልም። ዓመቱ ሲያልቅ አባልነቱን ማሳደስ አለበት።

የተማሪዋ የመጀመሪያ ረቂቅ ብዙዎች እንደሚጽፉት ነው። የሕክምና ወጪ በዓለም ላይ ብዙ ሰዎችን እንደሚያደኸይ ይጀምርና ወደ አፍሪካ ይወርዳል፤ ከአፍሪካ ወደ ኢትዮጵያ፣ ከኢትዮጵያ ወደ ክልሉ ይመጣና «በዚህ ወረዳ ግን እስካሁን ጥናት አልተካሄደም» ብሎ ይዘጋል። ከተጻፈው ውስጥ ሐሰት የለም፤ ችግርም ግን የለም። በአንድ ወረዳ ጥናት አለመካሄዱ ብቻውን ለማጥናት ምክንያት አይሆንም። ጥናት ያልተካሄደባቸው ወረዳዎች በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ወረዳው መልሱን ሊለውጥ የሚችል የራሱ ጠባይ ካለው ያ ጠባይ ተለይቶ መጻፍ አለበት፤ ከሌለው ዓረፍተ ነገሩ መውጣት አለበት። በእኔ እምነት ከፕሮፖዛሎቻችን ሁሉ በጣም የተለመደው ድክመት ይኸው ነው።

አማካሪዋ ወደ ወረዳው የመድን ጽሕፈት ቤት ሄዳ የአባላቱን መዝገብ እንድታይ ይመክሯታል። መዝገቡ ባለፈው ዓመት አባል ከነበሩት መቶ ቤተሰቦች ሠላሳው ዘንድሮ እንዳላሳደሱ ያሳያል እንበል። አሁን ችግር ተገኘ። ቀጥሎ የሚጻፈው ይህ ማንን እንደሚጎዳ ነው። ደኅና ነኝ ብሎ የሚያስብ ቤተሰብ ሲወጣ የሚቀረው በብዛት የሚታከመው ነው። የሚሰበሰበው መዋጮ እያነሰ የሚከፈለው የሕክምና ሒሳብ አይቀንስም። ለጤና ጣቢያው የሚመለሰው ገንዘብ ይዘገያል፣ መድኃኒት ለመግዛት አቅም ያጥራል፣ መድኃኒት ያላገኘው አባልም በሚቀጥለው ዓመት አያሳድስም።

ከዚህ በኋላ ሌሎች ምን እንደደረሱበት ይመጣል። ማን አባል እንደሚሆን የጠየቁ ጥናቶች ብዙ ናቸው፤ ማን እንደሚወጣ የጠየቁም አሉ። ተማሪዋ ያገኘቻቸው ጥናቶች ቤተሰቦች «መድኃኒት የለም» ማለታቸውን መዝግበዋል እንበል፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት በጤና ጣቢያው መድኃኒት ስንት ቀን እንደጠፋ አላዩም። ይህ በመጋዘን ሠራተኛው ቢን ካርድ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ እያንዳንዱ መድኃኒት መቼ እንደገባ፣ መቼ እንደወጣ፣ መቼ ባዶ እንደሆነ ያሳያል። የዕውቀት ክፍተት የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ሁለተኛው ረቂቅ ስለዚህ እንዲህ ይዘጋል፦ «ቤተሰቦች ለመውጣታቸው የመድኃኒት እጥረትን ምክንያት ያደርጋሉ፤ ነገር ግን እጥረቱ በባሰባቸው ጤና ጣቢያዎች የሚገለገሉት ይበልጥ ይወጡ እንደሆነ በመዝገብ ተረጋግጦ አይታወቅም።» ይህን ያነበበ ገምጋሚ ቀጥሎ የሚመጣውን ዓላማ ገጹን ሳይገልጥ ሊገምት ይችላል።

አጠቃላይ ዓላማው አንድ ነው፤ በጤና ጣቢያዎች የመድኃኒት አቅርቦትና በአባልነት እድሳት መካከል ያለውን ግንኙነት ማወቅ። «ተጽዕኖ» ሳይሆን «ግንኙነት» መባሉ ሆን ተብሎ ነው። መረጃ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰበስብ ጥናት የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ ሊለይ አይችልም። መድኃኒት ስለጠፋ አባላት ወጡ ወይስ አባላት ስለወጡ ገንዘብ አንሶ መድኃኒት ጠፋ? በዓላማው ላይ ተጽዕኖ ብሎ የጻፈ ተማሪ በመከላከያው ቀን ይህን ጥያቄ መመለስ አይችልም።

ዝርዝር ዓላማዎቹ ሦስት ሆኑ። የመጀመሪያው ያላሳደሱትን ቤተሰቦች ድርሻ መለካት ነው። እዚህ ላይ ተማሪዋ «መዋጮ ከሚከፍሉት መካከል» የሚል ሐረግ ጨመረች፤ ምክንያቱም የድሃ ድሃ ተብለው የተለዩ ቤተሰቦች መዋጮ በመንግሥት ይሸፈናል፣ ማሳደስ አለማሳደሱም የእነሱ ውሳኔ አይደለም። ሁለተኛው የተመረጡ መሠረታዊ መድኃኒቶች በዓመቱ ስንት ቀን እንደጠፉ መቁጠር ነው። ሦስተኛው የቤተሰብ ብዛት፣ የኑሮ ደረጃና ሥር የሰደደ ሕመም ከግምት ገብተው ሁለቱ ምን ያህል እንደሚያያዙ መገመት ነው። በረቂቁ ላይ የነበረው «የመፍትሔ ሐሳብ ማቅረብ» ተሰረዘ፤ መፍትሔ ከውጤቱ የሚመነጭ እንጂ የሚለካ ነገር አይደለም።

ዓላማን ለመፈተን ጥሩው መንገድ መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ለእያንዳንዱ ባዶ ሠንጠረዥ መሥራት ነው። ረድፎቹና ዓምዶቹ ይሰየማሉ፣ ቁጥር የሚገባበት ቦታ ክፍት ይሆናል። ሠንጠረዥ የማይወጣለት ዓላማ አልጠራም ማለት ነው።

የተማሪዋ ሦስተኛ ሠንጠረዥ ያልተጠበቀ ነገር አወጣ። የናሙናዋ ብዛት 423 ቤተሰብ ነበር። ይህ ቁጥር በጤና ዲፓርትመንቶች ፕሮፖዛል ላይ ደጋግሞ ይታያል፤ ድርሻው 50 በመቶ፣ የስሕተት ወሰኑ 5 በመቶ፣ መተማመኛው 95 በመቶ ሲሆን ቀመሩ 384 ይሰጣል፣ መልስ ለማይሰጡት 10 በመቶ ሲጨመር 423 ይሆናል። ለመጀመሪያው ዓላማ፣ ማለትም አንድን ድርሻ ለመለካት፣ ቤተሰቦቹ ከመላው የአባላት መዝገብ በዕጣ ከተወሰዱ ይበቃል። ለሦስተኛው ግን አይበቃም። ወረዳው ያሉት አምስት ጤና ጣቢያዎች ናቸው። መድኃኒት የጠፋባቸው ቀናት የሚቆጠሩት በጤና ጣቢያ ስለሆነ 423ቱ ቤተሰቦች በሙሉ የሚካፈሉት አምስት ቁጥሮችን ብቻ ነው። አንድ ሺህ ቤተሰብ ብትጠይቅም አምስቱ አምስት ሆነው ይቀራሉ፤ በአምስት ነጥብ ደግሞ ግንኙነት አለ ወይም የለም ማለት አይቻልም።

ከዚህ በኋላ ምርጫው ሁለት ነበር። ወይ ሦስተኛውን ዓላማ ትቶ የወረዳውን ሁኔታ መግለጽ፣ ወይ ጥናቱን ወደ ዞኑ ማስፋት። ተማሪዋ ሁለተኛውን መረጠች፤ ለሠላሳ ጤና ጣቢያዎች ግን ቤት ለቤት የሚዞር መጠይቅ የሚሸፍን በጀት የላትም። ስለዚህ መጠይቁን ተወች፤ የእድሳቱን መረጃ ከመድን መዝገብ፣ የመድኃኒቱን ከቢን ካርድ ልትወስድ ወሰነች። በዚህ ምክንያት በመዝገብ ላይ የማይገኙት የኑሮ ደረጃና ሥር የሰደደ ሕመም ከሦስተኛው ዓላማ ወጡ፤ በጥናቱ የአቅም ውስንነት ሥርም ተጻፉ። ርዕሱ ላይ የነበረው የወረዳው ስም በዞኑ ተተካ፤ በችግሩ መግለጫ ላይም ከአንድ ወረዳ የተወሰደው ቁጥር ከየወረዳዎቹ መዝገብ እንደገና ተሰብስቦ ተጻፈ።